ጠዋት ላይ ጨጓራ ለምን ይቃጠላል? ስለ ማታው መጠጥ የተደረገ ንግግር

(ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ለሠራተኞች ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ።)

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያልጠጣችሁትም ቤታችሁ ውስጥ አይታችሁታል። ሰውየው ይነሳል፣ አፉ መሮታል፣ ከደረቱ በታች ያቃጥለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ባለቤቱ ቁርስ ስታቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሽታው ራሱ አይጥመውም። ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ሃንጎቨር» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሦስቱን ስሜቶች፣ ማቃጠሉን፣ ማቅለሽለሹንና የምግብ ፍላጎት ማጣቱን፣ ለያይቼ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። መነሻቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የሚወሰደው መፍትሔ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ክሊኒክ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹን የጎዳቸው ማታ የጠጡት ብቻ አይደለም፣ ጠዋት የዋጡት ጭምር ነው።

አንድ ሰው በምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜው 34 ነው እንበል። ዓርብ ምሳ ሽሮ በልቷል። ከሥራ ወጥቶ 12 ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሜክሲኮ አካባቢ ግሮሰሪ ገባ። ከኮሎ በቀር እራት አልበላም። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስድስት ቢራ ጠጣ። መጨረሻ ላይ ሦስት መለኪያ አረቄ ጨመረበት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው። አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ ንጹሕ አልኮሉ ወደ 13 ግራም ይመጣል። ስድስቱ 78 ግራም ናቸው። አረቄው 40 በመቶ ቢሆንና መለኪያው 40 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ አንዱ መለኪያ ከአንድ ቢራ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሦስቱ 38 ግራም ይሆናሉ። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ስለዚህ ይህ ግምት ነው። ድምሩ 116 ግራም መጣ።

የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል አልኮል ያቃጥላል። ቡና፣ ሻወር፣ ሎሚ፣ ስፖርት ይህን ፍጥነት አይለውጡትም። በ8 ግራም ብናሰላው 116 ግራም ለማለቅ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ስንቆጥር ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን። ሰውየው 1 ሰዓት ላይ ሲነሳ ደሙ ውስጥ ገና አልኮል አለ። የመኪና ቁልፍ የሚያነሳ ካለ ይህን ያስብበት።

አሁን ወደ ጨጓራው እንግባ።

ጨጓራ ሥጋ ይፈጫል። ራሱ ግን ሥጋ ነው። ታዲያ ራሱን ለምን አይፈጭም? መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። የጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳ በዝልግልግ ሽፋን ተለብጧል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚህ ሽፋን ሥር ባይካርቦኔት የሚባል አሲድ አምካኝ ነገር ይመነጫል። በጨጓራው ባዶ ቦታ ያለው አሲድ በጣም ጠንካራ ነው፣ ከሽፋኑ በታች ያሉት ሴሎች ዘንድ ግን አሲዱ የለም ማለት ይቻላል። ሴሎቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ስለተሰደሩ አሲዱ በመሃላቸው ሾልኮ አይገባም። ይህን ጥበቃ ሁሉ የሚያዘው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አልኮል የተለየ ባሕርይ አለው። በውኃም በስብም ይሟሟል። የሴሎቻችን ቆዳ ደግሞ ስብ ነው። ስለዚህ ጠንካራ አልኮል ዝልግልጉን ሽፋን አልፎ ሴሎቹን በቀጥታ ያገኛቸዋል። ይላጣሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። አሲዱ በዚያ ክፍተት ወደ ግድግዳው ይገባል። ከሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያብጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይደማሉ። እንዲህ ያለውን ጨጓራ በኢንዶስኮፒ ስናየው ቀይ ነው፣ እዚህም እዚያም የደም ነጠብጣብ ይታይበታል። ጠዋት የሚሰማው ማቃጠል ይህ ነው። የሰውየው ጨጓራ ውስጥ እውነተኛ ቁስለት አለ።

ቢራና አረቄ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከ10 በመቶ በታች የሆነ አልኮል ግድግዳውን ያን ያህል አይልጥም። ነገር ግን ቢራ፣ ወይንና የመሳሰሉት የተብላሉ መጠጦች ጨጓራው ብዙ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። አረቄ፣ ጂንና ውስኪ በተቃራኒው አሲድ ብዙም አይጨምሩም፣ ግድግዳውን ግን ያቆስላሉ። የእኛ ሰው ቀድሞ አሲዱን በቢራ አበዛ፣ ከዚያ ግድግዳውን በአረቄ ከፈተ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አያድነውም። ሁለቱም እዚያው ጨጓራ ውስጥ ይገናኛሉ።

ቃሩስ? በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል የሚዘጋ ጡንቻ አለ። አልኮል ያላላዋል። ሰውየው ጠጥቶ ወዲያው በጀርባው ሲተኛ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ደረቱን የሚያቃጥለውና አፉን የሚያመርረው እሱ ነው።

አሁን አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በጥይት ተመታ። ዳነ፣ የጨጓራው ቀዳዳ ግን ሳይዘጋ ቀረ። ያከመው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ለዓመታት በዚያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እያየ መዘገበ። ሰውየው ለቀናት ጠንካራ መጠጥ ሲጠጣ ሰንብቶ ሲመጣ የጨጓራው ግድግዳ ቀልቶ፣ ቦታ ቦታው ላይ ቁስል አውጥቶ አገኘው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ የጻፈው ነው። ሴንት ማርቲን ሕመም አልተሰማውም ነበር።

ይህን አስቡት። ጨጓራ ሳያቃጥልም ይቆስላል። «እኔ እኮ ምንም አይለኝም፣ ጨጓራዬ ብረት ነው» የሚል ጓደኛ አላችሁ አይደል? ስሜቱ ስለ ቁስሉ ሁልጊዜ አይነግረውም።

ወደ ማቅለሽለሹ እንለፍ።

ማስታወክን የሚያዘው አእምሮ ነው። ወሬው በሁለት መንገድ ይደርሰዋል። አንደኛው ከጨጓራ በሚወጣ ትልቅ ነርቭ በኩል ነው። የተላጠው ግድግዳ «እዚህ ጉዳት አለ» ይላል። ሁለተኛው በደም በኩል ነው። አእምሮ ከደም ውስጥ መርዝ እንዳይገባበት ጠንካራ ከለላ አለው። ወደ ማጅራታችን በሚያዘነብለው የአእምሮ ክፍል ላይ ግን ከለላው ሆን ተብሎ እንደተከፈተ ያህል የሳሳ አንድ ትንሽ ቦታ አለ። ሥራው ደሙን መቅመስ ነው። መርዝ ካገኘ ማስታወክን ያዛል።

ምን ያገኛል? ጉበት አልኮሉን ሲያቃጥል መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል። ይህ ከአልኮሉ ከራሱ የባሰ ነው፤ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል፣ ያቅለሸልሻል። ከዚያ ወደ ሌላ ቀላል ነገር ተቀይሮ ያልቃል። በርከት ብሎ ሲጠጣ ግን ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ሲያመርተው ያድራል። በዚያ ላይ ሰውነት ልክ እንደታመመ ሰው ብግነት ውስጥ ይገባል። ጉንፋን ሲይዛችሁ ምግብ የሚያስጠላችሁን ስሜት አስታውሱት። የሃንጎቨር ስሜት የሚጠነክረው አልኮሉ በሚበዛበት ሰዓት ሳይሆን ከደም ሊያልቅ ሲል የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጆሮም አለበት። ሚዛናችንን የሚጠብቀው ክፍል ጆሯችን ውስጥ ነው። በፈሳሽ ተከብቦ ጭንቅላት ሲዞር የሚያውቅ ትንሽ ዳሳሽ አለው። አልኮል ከፈሳሹ ቀድሞ ዳሳሹ ውስጥ ይገባና ያቀለዋል። ስለዚህ ማታ ጋደም ሲል አልጋው ይዞራል። ጠዋት ደግሞ ከዳሳሹ ቀድሞ ይወጣል። ሰውየው አልጋ ላይ ሲገላበጥ እንደገና የሚያጥወለውለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው። እኔ ይህኛው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል እላለሁ፤ ሰው አቅልሎ ያየዋልና።

ጠንካራ አልኮል ጨጓራው ያለውን ወደ አንጀት እንዳያወርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ጠዋት ሆዱ የተነፋ ይመስለዋል። የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞንም በአልኮል ይቀንሳል። ዋናው ነገር ግን ጉበት ጋ ነው።

ሌሊት ስንተኛ ደማችን ውስጥ ያለውን ስኳር የሚጠብቀው ጉበት ነው። መጀመሪያ ያከማቸውን ይለቃል። ያ ሲያልቅ አዲስ ስኳር ይሠራል። አልኮል ሲኖር ግን ይህን አዲስ ስኳር የመሥራት ሥራ ያቆማል። የእኛ ሰው እራት አልበላም። የመጨረሻ ምግቡ የዓርብ ምሳ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት አልፎታል። ክምችቱ ሳስቷል፣ ጉበቱም አዲስ አልሠራም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰውነቱ ስኳር ሲያጣ ስብ ያቃጥላል። ከዚያ የሚወጡት ኪቶን የሚባሉ ነገሮች ደግሞ ራሳቸው ያቅለሸልሻሉ፣ ምግብም ያስጠላሉ።

እንግዲህ ሰውየው ያለበትን ተመልከቱ። ሰውነቱ ምግብ በጣም ይፈልጋል። ምግብ ግን አስጠልቶታል። ባለመብላቱ ኪቶኑ ይጨምራል። ኪቶኑ ሲጨምር ይበልጥ ያስጠላዋል። ይህን ክብ መስበር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው። ራሱን ስለሚያመው መጀመሪያ መድኃኒት ይፈልጋል። ሠፈሩ ካለው ፋርማሲ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ይገዛል። በባዶ ሆዱ ይውጠዋል። ፕሮስታግላንዲን ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማገድ ነው። የራስ ምታቱን ያበረዱታል፣ በዚያው የጨጓራውን ጥበቃ ይወስዱታል። የቆሰለ ግድግዳ ላይ፣ ምግብ በሌለበት፣ ጥበቃውን ማንሳት ማለት ነው። ጨጓራ እንዲደማ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። አስፕሪንም እንደዚያው ነው።

አንዳንዱ «መርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» ብሎ ዲክሎፌናክ ይወጋል። ይህ ስሕተት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑ ጨጓራ ላይ በማረፉ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ በደም ዞሮም ጥበቃውን ያግደዋል።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል። ግን እሱም ገደብ አለው። ትርፉ የሚወገደው በጉበት ነው፤ ጉበቱ ደግሞ ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል። አልፎ አልፎ የሚጠጣ ጤነኛ ሰው 500 ሚሊ ግራም ወስዶ ማየት ይችላል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው፣ ምግብ የማይበላ ወይም ጉበቱ የታመመ ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

ቡናም አለ። እኛ ሀገር ጠዋት ቡና አይቅር ይባላል፣ እኔም እወደዋለሁ። በዚያ ጠዋት ግን፣ በባዶ ሆድ፣ ቡና አሲድ ይጨምራል። ሆዱ ምግብ እስኪይዝ ይቆይ። ወተት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፣ ከዚያ አሲዱን መልሶ ያመነጫል። ሚጥሚጣ የበዛበት ዱለትና ትኩስ ፍርፍርም ለዚያ ጠዋት አይሆኑም።

ማርከሻ የምትሏትን ጠዋት የሚጠጧት መለኪያስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይኑራችሁ። አንድ ሰው ጠዋት ሲያቅለሸልሸው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበው ቆይቶ መለኪያ ሲጠጣ ወዲያው ከተሻለው ያ ሃንጎቨር ብቻ ላይሆን ይችላል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰውነት መጠጡን ሲያጣ የሚያሳየው ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። በሐኪም ክትትል ይቆማል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ አትገሥጹት፣ ይዛችሁት ኑ።

ታዲያ ያ ሰው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ትንሽ በትንሽ ይጠጣ። ኦ አር ኤስ ካለ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጦ በማንኪያ ወይም በትንሽ ጉንጭ ይውሰደው፤ ስኳርም ጨውም አለው። ከሌለ ስኳር ያለበት ቀጭን ሻይ ይሆናል። ብርጭቆውን በአንዴ መገልበጥ ያስታውከዋል። አሥር ደቂቃ ጠብቆ ካላስታወከው እንደገና ይጠጣ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀጭን አጥሚት፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቅመም የሌለው ሾርባ ይሞክር። ስኳሩ ሲገባ ኪቶኑ ይቀንሳል፣ ከዚያ ፍላጎቱ ይመለሳል። ፍላጎቱ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ክቡን አይሰብርም።

ለማቃጠሉ የሚጠጣው ነጭ አንታሲድ ቶሎ ያበርዳል። ኦሜፕራዞል ወዲያው አያበርድም፤ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ተወስዶ ለቀናት የሚሠራ ነው። በጀርባ መተኛት ይቅር፣ ትራስ ከፍ ይበል። የላይኛው ግድግዳ በሰዓታት ውስጥ መሸፈን ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚታደሰው ግን በቀናት ነው። ቅዳሜ ማታ መልሶ መጠጣት ማለት ባልዳነ ግድግዳ ላይ መጠጣት ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው እስከዚህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ቤት የሚያስቀምጡ አይደሉም። ትውከቱ ላይ ደም ካለ፣ ወይም የቡና አተላ ከመሰለ። ሰገራው እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ከሸተተ፤ የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር እንደሚችልም እወቁ፣ ግን እሱ እንዲህ አይለጠፍም፣ አይሸትም። ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ካለ፤ ቆሽት ሊሆን ይችላል። ለቀናት ሲጠጣ የሰነበተ ሰው ምንም ሳይበላ እያስታወከ በጣም እየተነፈሰ ከሆነ። ከጠጣ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ዓይኑ ከደበዘዘ፤ ሜታኖል የገባበት መጠጥ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ሰዓት ሳይጠበቅ።

ብጫ መራራ ትውከት ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ። ባዶ ሆድ ደጋግሞ ሲያስታውክ ሐሞት ይወጣል።

ንግግሩ ሲያልቅ አንዲት እናት እጅ አነሡ። «ዶክተር፣ እኔ ለልጄ ተልባ በጥብጬ እሰጠዋለሁ፣ ጉዳት አለው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ተልባው አይጎዳውም» አልኳቸው። «ዝልግልግ ስለሆነ ለጊዜው ያለሰልሰዋል፣ ውኃም ይገባለታል። ቁስሉን ግን አይሽርም። ልጅዎ ስንት ጊዜ ነው የሚያቃጥለው?»

«በየሳምንቱ ነው። አሁን አሁንማ ሳይጠጣም ይለዋል።»

ሳይጠጣም ካቃጠለው ነገሩ ተለውጧል። እኛ ሀገር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በጣም የተለመደ ነው፣ መጠጡ ያባባሰው የቆየ ቁስል ሊሆን ይችላል። በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይመረመራል፣ ከተገኘም በመድኃኒት ይድናል። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል እንዳይወስድ፣ አንቲባዮቲክም አራት ሳምንት ያህል ቀድሞ እንዳይኖርበት ነገርኳቸው፤ ካልሆነ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ሰኞ ይዘውት እንዲመጡ ተነጋገርን።